46 ሰዓት ፉቴጅ ይዛችሁ ኤዲት ከየት ትጀምራላችሁ? ስለ ቢን፣ ሜታዳታ እና ፔፐር ኤዲት

ዶክመንተሪ ቀርፆ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይሄን ነው፦ ካርዶቹን ኮምፒውተር ላይ ይገለብጣል፣ ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይከፍታል፣ ያምር ነበር ብሎ የሚያስታውሰውን ክሊፕ ጎትቶ ታይምላይን ላይ ይጥልና ኤዲት ጀመርኩ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ደቂቃዎች ቆንጆ ሆነው ይወጣሉ። ከዛ በኋላ «ሴትየዋ ስለ እጇ ያወራችው የቱ ጋር ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ቀኑን ሙሉ ክሊፕ እየከፈቱ መዝጋት ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ሰውየው ፊልሙን የሚሰራው ካለው ፉቴጅ ሳይሆን ከሚያስታውሰው ፉቴጅ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ በጣም ይለያያሉ።

ይሄን ለማስቀረት ኤዲተሮች ታይምላይን ከመንካታቸው በፊት የሚሰሯቸው ሶስት ነገሮች አሉ፣ ቢን፣ ሜታዳታ እና ፔፐር ኤዲት ይባላሉ። ብዙ ሰው ሶስቱንም እንደ ንፅህና ስራ ነው የሚያያቸው፣ ጊዜ ካለ የሚደረግ ከሌለ የሚዘለል ነገር። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም ዶክመንተሪ ላይ ስክሪፕት የሚፃፈው ከቀረፃ በኋላ ነው፣ የሚፃፈውም እዚህ ስራ ውስጥ ነው። ነገሩ ግልፅ እንዲሆን በቅርብ የሰራንበትን አንድ ፊልም ይዤ ልሂድ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ስለቀሯት አንዲት አዋላጅ ነርስ የሚያወራ የ52 ደቂቃ ፊልም ነው፣ እዚህ ላይ ሲስተር እያልኩ እጠራቸዋለሁ። የቀረፅነው በ19 ቀን 46 ሰዓት ሲሆን ከዛ ውስጥ 14 ሰዓቱ ቃለመጠይቅ፣ 27 ሰዓቱ ስራ ላይና ቤት ውስጥ ዝም ብለን የተከተልንበት፣ የቀረው ቢሮል፣ ማለትም ንግግር ላይ የሚደረብ ተጨማሪ ምስል፣ እና የድሮ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ ከካርድ እስከ ታይምላይን እከተላታለሁ።

ቢን ምንድነው? ከፎልደር በምን ይለያል?

ቃሉ የመጣው ከድሮ የፊልም ኤዲቲንግ ነው። ፊልም በመቀስ ወይም በመቁረጫ ይቆረጥ በነበረበት ጊዜ ኤዲተሩ አጠገብ ውስጡ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሳጥን ይቀመጥ ነበር፣ ከላዩ ላይ መንጠቆዎች ያሉት ዘንግ አለ፣ የተቆረጡት ቁራጮች እዛ ላይ ይንጠለጠሉና ጭራቸው ሳጥኑ ውስጥ ይወርዳል፣ እንዳይቧጨርና መሬት እንዳይነካ። ያ ሳጥን ነው ቢን። ሶፍትዌሮቹ ቃሉን ወርሰውት ክሊፕ የምንሰበስብበትን ቦታ ቢን ይሉታል፣ እንደ ፋይናል ከት ባሉ አንዳንዶቹ ላይ ስሙ ይለያል እንጂ ሃሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ከፎልደር የሚለየው አንድ ነገር ቢገባችሁ ብዙ ችግር ይቀልላችኋል። ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይሉ ራሱ ነው፣ ቢን ውስጥ ያለው ግን ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገር ምልክት ብቻ ነው። ክሊፕ ከአንድ ቢን ወደ ሌላ ቢን መቶ ጊዜ ብታንቀሳቅሱ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። በተቃራኒው ሃርድ ዲስኩ ላይ ፎልደሩን ብታንቀሳቅሱ ወይም ስሙን ብትቀይሩ ቢን ውስጥ ያለው ምልክት የሚያመለክተው ነገር ያጣና ስክሪኑ ላይ «Media Offline» የሚለው ፅሁፍ ይመጣል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፣ ፎልደሩን አንዴ አስተካክላችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ አትንኩት፣ መደርደርና መቀያየር የምትፈልጉትን ሁሉ ቢን ውስጥ አድርጉት።

ታዲያ ፎልደሩ እንዴት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ አንድ በራሴ የደረሰ ልንገራችሁ። ብዙ ካሜራዎች ካርድ ፎርማት ሲደረግ የፋይል ቁጥሩን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ማለትም የሰኞው የመጀመሪያ ክሊፕ C0001.MP4 ነው፣ የማክሰኞውም የመጀመሪያ ክሊፕ C0001.MP4 ነው። ከብዙ ጊዜ በፊት በሰራሁት አንድ ፊልም ላይ ሃርድ ዲስክ ቀይረን ፕሮጀክቱን እንደገና ከፋይሎቹ ጋር ስናገናኝ ሶፍትዌሩ ስም አይቶ ነው የሚያገናኘው፣ አንዱን C0001 በሌላው ቦታ ተካው፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩበት ቦታ ላይ የመኪና መንገድ መጣ። እሱ እንኳን ወዲያው ይታያል። ያልታየው ሌላ ነው፣ ሁለት ቀን በተመሳሳይ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰጡት ቃለመጠይቅ ተቀያይሮ ነበር፣ ምስሉ አንድ አይነት ስለሆነ ማንም አላስተዋለም፣ ያወቅነው ድምፁና ከንፈሩ አልገጥም ሲል ነው።

ከዛ ወዲህ እያንዳንዱን ካርድ የቀኑን፣ የካሜራውንና የካርዱን ቁጥር በያዘ ፎልደር ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ እንዲህ፦

```
D03_CAMA_CARD01
D07_CAMA_CARD02
D07_SOUND_CARD01
```

D07 ማለት ሰባተኛው የቀረፃ ቀን ነው፣ CAMA ደግሞ ዋናው ካሜራ። ካርዱ ውስጥ ያለውን ነገር እንዳለ መገልበጥ ነው እንጂ ቪዲዮውን ብቻ መርጦ ማውጣት አያስፈልግም፣ አንዳንድ ካሜራ መረጃውን በብዙ ትንንሽ ፋይሎች ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ ከመካከል አንዱ ሲጠፋ ክሊፑ አይከፈትም ወይም ታይምኮዱን ያጣል። ከዛ ሶፍትዌሩ ውስጥ ከገባ በኋላ የክሊፑን ስም ብቻ D07_A_C0014 ብዬ እቀይራለሁ፣ ይሄ ለውጥ ፕሮጀክቱ ውስጥ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል አይነካም። ኮፒ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዲስክ ላይ፣ ከተቻለ አንዱ ሌላ ህንፃ ውስጥ። ኮፒው ሳይረጋገጥ ካርዱ ፎርማት አይደረግም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ይቺ D07_A_C0014 የምትለዋ ስም የክሊፑ አድራሻ ናት። «ታይምኮዱ አይበቃም ወይ?» የሚል ሰው አለ፣ አይበቃም። ታይምኮድ በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሰከንድና በፍሬም እያንዳንዱን ምስል የሚቆጥር ሰዓት ነው፣ ግን የቀን ሰዓት ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ያው ቁጥር በ19ኙም ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ትንንሽ ካሜራ ደግሞ በየክሊፑ ከዜሮ ይጀምራል። ስምና ታይምኮድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው አንዲት ቦታን ብቻ የሚያመለክቱት። ከዚህ በኋላ የምንሰራው ነገር ሁሉ፣ ወረቀቱም ጭምር፣ በዚህ አድራሻ ላይ የቆመ ነው።

ቢኖቹን በምን እንከፋፍላቸው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ፍርሃት» የሚል ቢን ይከፍታል፣ «ትዝታ» የሚል፣ «ጥሩ ሾቶች» የሚል። ከሳምንት በኋላ ሲስተር ስለ መጀመሪያ የስራ ቀናቸው የሚያወሩበት ክሊፕ ፍርሃት ውስጥ ይግባ ትዝታ ውስጥ ይግባ ማንም አያውቅም፣ አንዱ ረዳት እዚህ ያስገባዋል ሌላው እዛ።

የኔ አሰራር ቢን የማያከራክር ነገር ብቻ ይያዝ የሚል ነው፣ ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ምን አይነት ፋይል ነው። ቃለመጠይቅ የሚል አንድ ቢን፣ በውስጡ በየሰው፤ ትዕይንት የሚል ሌላ፣ በውስጡ «የማታ ተረኛ»፣ «ስልጠና»፣ «ቤት»፣ «ስንብት» እያለ በሁኔታ የተከፈለ፤ ከዛ ቢሮል፣ የድሮ ምስል፣ ድምፅ ብቻ የሆኑ ፋይሎች፣ በመጨረሻም ሲኩዌንሶች። በቃ። ክሊፕ ፈልጋችሁ ለመድረስ ከሶስት ጊዜ በላይ ቢን መክፈት ካለባችሁ በጣም ተከፋፍሏል ማለት ነው። ሌላው ምልክት ደግሞ «ሌላ» ወይም «ልዩ ልዩ» የሚል ቢን እያበጠ መሄዱ ነው፣ ያ ቢን ሰላሳ አርባ ክሊፕ ከያዘ ውስጡ ስም ያልተሰጠው አንድ ትዕይንት ተደብቋል። በዚህ ፊልም ላይ እኛ ጋር «ሌላ» ውስጥ ገብቶ የነበረው ሲስተር ከስራ ወጥተው መኪና ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡባቸው ክሊፖች ነበሩ። ለብቻው ስናወጣው 50 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ዝምታ ሆኖ ተገኘ፣ በኋላ ፊልሙን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ የሚያሸጋግረው እሱ ሆነ።

ሜታዳታስ ምን ይሰራል?

ቤተመፃህፍት አስቡ። አንድ መፅሃፍ የሚቀመጠው አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ካታሎጉ ላይ ግን በደራሲ፣ በርዕስ፣ በጉዳይ በብዙ መንገድ ይገኛል። ቢን መደርደሪያው ነው፣ ሜታዳታ ካታሎጉ ነው። ሜታዳታ ማለት ስለ ክሊፑ የተፃፈ መረጃ ሁሉ ነው። ግማሹን ካሜራው ራሱ ይፅፈዋል፣ ቀኑን፣ የፍሬም መጠኑን፣ ታይምኮዱን ምናምን። ፊልም የሚሰራው ግን ሰው የሚፅፈው ነው፣ በክሊፑ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ።

ይሄን ለመፃፍ ደሞ ፉቴጁን ማየት የግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም። የመጀመሪያውን ዕይታ ሳታቆሙ እዩት፣ የሆነ ቦታ ላይ ከሳቃችሁ፣ ከደነገጣችሁ ወይም ወደ ስክሪኑ ከተጠጋችሁ ማርከር ጣል አድርጉና ቀጥሉ። ያ ስሜት ተመልካቹ የሚሰማው ነው፣ እናንተ ላይ ደሞ አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፣ በአስረኛው ዕይታ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ይሆንባችኋል፣ ያኔ የምታምኑት የመጀመሪያ ቀን የጣላችሁትን ማርከር ነው።

በሁለተኛው ዙር ነው መፃፍ። ፅሁፉ አንድ መስመር ይበቃዋል ግን የሚታየውን መናገር አለበት። ለምሳሌ D07_A_C0014 ላይ ረዳታችን መጀመሪያ የፃፈው «ሲስተር ማታ ስራ ላይ፣ አሪፍ ሾት» የሚል ነበር። ይሄ ምንም አይነግረንም፣ ከ27 ሰዓቱ በአብዛኛው ሲስተር ስራ ላይ ናቸው። እንደገና አይቶ እንዲህ ፃፈው፦ «ጓንት ሊያጠልቁ ሲሉ ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በቀኛቸው ይዘው ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ያጠልቃሉ፣ ካሜራው ወደ ፊታቸው ይወጣል።» ልዩነቱን ተመልከቱ፣ አሁን ክሊፑ መነሻ አለው፣ መሀል ላይ የሚለወጥ ነገር አለው፣ መጨረሻ አለው። ኤዲተር የሚፈልገው ይሄን ነው። ከዚህ መስመር ጋር «እጅ» የሚል ኪወርድ ጨመርንበት።

ትርጉም የሚገባው እንግዲህ ኪወርዱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ክሊፕ ሶስት አራት ኪወርድ መያዝ ይችላል፣ ማንም አይጣላም። ግን ዝርዝሩ አስቀድሞ ይወሰን፣ እኛ 22 ኪወርድ ነበረን፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከዛ ውጪ አዲስ ቃል መጨመር የሚቻለው ተነጋግሮ ነው።

በአማርኛ ለምትፅፉ ደግሞ አንድ በጣም የሚያስቸግር ነገር አለ። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ፊደል በፊደል ነው። አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ሐኪም» ሌላው «ሀኪም»፣ አንዱ «ሌሊት» ሌላው «ለሊት»፣ አንዱ «ፀሎት» ሌላው «ጸሎት» ብሎ ከፃፈ ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለፍለጋው ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። የሚብሰው ደሞ ስህተት መኖሩን አለመናገሩ ነው፣ «ሌሊት» ብላችሁ ስትፈልጉ 31 ክሊፕ ያመጣላችኋል፣ በቃ ያለው ይሄ ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሌሎች 12 «ለሊት» ተብለው ተቀምጠዋል። መፍትሄው ኪወርዱን ከዝርዝሩ ላይ ኮፒ ማድረግ እንጂ በእጅ አለመፃፍ ነው። አጭር ቃልም ይመረጣል፣ ባለ ሁለት ቃል ኪወርድ ላይ ክፍተቱ ራሱ አንዴ አንድ አንዴ ሁለት ይሆናል።

ሌላው የማልዘለው ሜታዳታ ፈቃድ ነው። የወለዱ እናቶች የታዩባቸው ክሊፖች ላይ ፈቃድ የሰጡት አረንጓዴ፣ ያልሰጡት ወይም በኋላ ሃሳባቸውን የቀየሩት ቀይ ቀለም ተሰጣቸው፣ በማስታወሻው ላይም ተፃፈ። ይሄ የሚቀመጠው ዳይሬክተሩ ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ ቀይ የሆነ ፊት ፊልሙ ውስጥ ይገባል፣ የሚታወቀውም ፊልሙ ከታየ በኋላ ነው።

ይሄ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ቃለመጠይቅ ቃል በቃል ሲገለበጥ አንድ ሰዓቱ በእጅ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ስለዚህ የኛ 14 ሰዓት 56 ሰዓት ሆነ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ብንል ሰባት ቀን ነው። የተከተልንበት 27 ሰዓት ደግሞ በአንድ ተኩል ሲባዛ 40 ሰዓት ገደማ፣ አምስት ቀን። የቀረው ሲጨመር ሶስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረን። ረጅም ይመስላል። ሆኖም ያለዚህ ኤዲት የጀመርንባቸው ስራዎች ላይ በፍለጋ ብቻ ከዚህ የበለጠ ጊዜ አጥፍተናል። የሶስት ሰዓት ፉቴጅ ያለው አጭር ስራ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ አንድ ሰው አይቶ በጭንቅላቱ ሊይዘው ይችላል።

ፔፐር ኤዲት ማለትስ?

ስሙ እንደሚለው ፊልሙን መጀመሪያ በወረቀት ላይ መቁረጥና መቀጠል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ሰው የተናገረው በሙሉ ተፅፎ በየአንቀፁ አጠገብ የክሊፑ ስምና ታይምኮድ ያለበት ወረቀት ነው። ጥያቄውም መፃፍ አለበት፣ ያለ ጥያቄው የተነበበ መልስ ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። «ሳቁ»፣ «ረጅም ዝምታ»፣ «ስልክ ጮኸ»፣ «ድምፃቸው ተቆረጠ» የሚሉትንም በቅንፍ መፃፍ ነው፣ ካልሆነ ወረቀቱ ላይ ከነአካቴው የሉም።

ከዛ ይታተማል። ስክሪን ላይ መስራት የሚመርጥ ሰው አለ፣ እኔ ግን ወረቀቱን በእጄ ሳልይዝ አይሆንልኝም፣ ምክንያቱም ስክሪን አንድ ገፅ ነው የሚያሳየው፣ ግድግዳ ደሞ ፊልሙን በሙሉ። መጀመሪያ የሚነካንን ሁሉ በማድመቂያ አሰመርን፣ ከ14 ሰዓቱ ሶስት ሰዓት ያህል ቀረ። እሱን እንደገና አንብበን ተመሳሳይ ሃሳብ ሁለቴ ከተነገረ የተሻለውን ያዝን፣ ወደ 95 ደቂቃ ወረደ። ያ 95 ደቂቃ ነው በመቀስ የተቆረጠው፣ እያንዳንዷ ቁራጭ አድራሻዋን ይዛ። አድራሻ የሌላት ቁራጭ ግድግዳ ላይ አትለጠፍም።

ዓረፍተ ነገሯ እዚህ ጋር ነው የመጣችው። በሶስተኛው ቀን ሲስተር ስለ መጀመሪያ ስራቸው ተጠይቀው እንዲህ አሉ፦ «የመጀመሪያዋን ልጅ ስቀበል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ፈርቼ ነው አሁን አርጅቼ ነው።» ወረቀቱ ላይ D03_A_C0006 ይላል። ሲናገሩት በተራ ድምፅ ስለነበር ቀረፃው ላይ ማንም ልብ አላለውም። ስናነበው ግን «እጅ» ብለን ኪወርዱን ፈለግን፣ ዘጠኝ ክሊፕ መጣ፣ ከነሱ አንዱ የጓንቷ ክሊፕ ነው፣ ሌላው ደግሞ በአምስተኛው ቀን ልጃቸው «እናቴ እቤት ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት እጇ ነው፣ እዛ ስትገባ ግን እንዴት እንደምታደርገው አላውቅም» ያለችበት ነው። ሶስቱ በሶስት የተለያየ ቀን፣ በሶስት የተለያየ ቢን ውስጥ ነበሩ። ያገናኛቸው አንድ ቃል ነው።

የትዕይንት ካርድ ደግሞ ለብቻ ይዘጋጃል፣ ንግግር ለሌለው ፉቴጅ። ንግግሩን ቢጫ ወረቀት ላይ፣ ትዕይንቱን ሰማያዊ ላይ አደረግነው። ከዛ ሁለቱ ተደባልቀው ግድግዳው ላይ ይደረደራሉ፣ ይሄ ትዕይንት እንዲህ ሆነ፦

ሰማያዊ፦ D07_A_C0014፣ ከ02:14:20 እስከ 02:15:05፣ ጓንት ሲያጠልቁ፣ 45 ሰከንድ።

ቢጫ፣ በዚሁ ምስል መጨረሻ ላይ በድምፅ ብቻ፦ D03_A_C0006፣ ከ10:41:12 እስከ 10:41:31፣ «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር…»፣ 19 ሰከንድ።

ቢጫ፦ D05_A_C0003፣ ከ16:08:40 እስከ 16:09:22፣ ልጅቷ ስለ ብርጭቆው፣ 42 ሰከንድ።

የሲስተር ድምፅ ምስሉ ላይ ስለሚተኛ ለብቻው አይደመርም፣ ስለዚህ 45 ሲደመር 42፣ 1 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ። ርዝመቱን የምናውቀው ከታይምኮዱ ላይ በመቀነስ ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ ስንት መስመር ነው ብሎ በመገመት አይደለም፣ አንዱ ሰው በፍጥነት ያወራል ሌላው በየቃሉ መሀል ይተነፍሳል። በዚህ መንገድ ሁሉንም ስንደምር ግድግዳው 78 ደቂቃ ሆነ። ለ52 ደቂቃ ፊልም መነሻ ይሄ ጥሩ ነው፣ ገና ምስል ላይ ሲታይ የሚወድቅ ብዙ ነገር አለ።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆሞ ቀለሙን ብቻ ማየት። መሀል ላይ ረጅም ቢጫ ሰልፍ ከታየ እዛ ጋር ፊልሙ ራዲዮ ሆኗል ማለት ነው። እኛ ጋር 11 ቢጫ በተከታታይ ነበር፣ ባልደረቦቻቸው ስለሳቸው የሚያወሩበት። ሰባቱን አወረድናቸው፣ ምክንያቱም የሚያወሩት ሲስተር ጎበዝ መሆናቸውን ነው፣ ሰማያዊዎቹ ካርዶች ላይ ደግሞ ጎበዝ ሲሆኑ እናያቸዋለን።

ወረቀቱ የማያሳየው ምንድነው?

ፔፐር ኤዲት ይዋሻል፣ በተለይ ንግግር ላይ። የመጀመሪያ ሃሳባችን ሲስተርን «አሁንም ይንቀጠቀጣል» ላይ መቁረጥና ምክንያቱን ለተመልካቹ መተው ነበር። ወረቀት ላይ በጣም ያምር ነበር። ድምፁን ስንሰማው ግን እዛ ቃል ላይ ድምፃቸው ወደ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ወደሚቀጥለው ይገባሉ፣ ቢቆረጥ ሰው አፉ የተያዘ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሙሉውን ተውነው። ከዛ ወዲህ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ቁራጭ ሁሉ አንዴ በጆሮ እንዲሰማ አደርጋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚወርድ ከሆነ ትንሽ ምልክት፣ የሚንጠለጠል ከሆነ ሌላ ምልክት።

የአማርኛ ንግግር እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ሰው ሲያወራ «ተነስቼ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ሮጬ ሄጄ…» እያለ ይቀጥልና ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ ከቆረጣችሁት ምን እንደሆነ አይታወቅም። ደሞ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚይዝ ሰው «ከዛ በኋላ አልመጣም» ብሎ ያልፋል፣ ማን ነው ያልመጣው? ትራንስክሪፕቱን ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል፣ ቁራጯን ብቻ የሚሰማ ተመልካች ግን አያውቅም። ስለዚህ ቁራጮቹን ፊልሙን የማያውቅ ሰው ያንብባቸው፣ «ማን?» ብሎ የጠየቀበት ቦታ ላይ ወይ ቁራጯ ወደ ኋላ ትረዝማለች ወይ ከፊቷ ሰውየውን የሚያሳይ ምስል ይገባል።

የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ደግሞ ወረቀት ሁለት ንግግር ማጋጠምን በጣም ማቅለሉ ነው። ከሶስተኛው ቀን ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከዘጠነኛው ቀን ሌላ ግማሽ፣ መሀሉን በቢሮል ሸፍኖ ሰውየው ያላለውን ማስባል ይቻላል። ቁራጯ ላይ አድራሻ መኖሩ እዚህ ላይም ይጠቅማል፣ ሁለት የተለያየ አድራሻ ጎን ለጎን ስታዩ ወደ ሁለቱም ትመለሱና በሙሉ ታነቡታላችሁ፣ ሰውየው ፊታችሁ ቢቀመጥ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» ይል እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። የማይል ከሆነ ቁራጮቹ ይለያያሉ።

ከዛ ወደ ታይምላይን እንዴት ይገባል?

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይነበባል፣ አንዱ ያነባል ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ፈልጎ ታይምኮዱን ገብቶ ክሊፑን ይጥላል። ሙዚቃ የለም፣ ማሳመር የለም፣ በየተራቸው መደርደር ብቻ። የኛ 78 ደቂቃ በሁለት ቀን ገባ። ከዛ ተቀምጠን ሳናቆም አየነው።

የጓንቷ ትዕይንት ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያላየነው ነገር መጣ። ሲስተር እጃቸውን ይዘው የሚጠብቁባት ጊዜ፣ ማስታወሻው «ትንሽ» ያላት፣ ስምንት ሰከንድ ናት። ስክሪን ላይ በጣም ረጅም ነች። ከሷ በኋላ የልጅቷ ንግግር ሲመጣ ያየነውን ነገር እንደገና የሚያስረዳን ሆነ፣ ስለዚህ አወጣነውና ቢጫ ወረቀቷ ከግድግዳው ወርዳ የወረዱት ሁሉ የሚቀመጡበት ፖስታ ውስጥ ገባች።

አራተኛው ከት ላይ መጨረሻው አልያዝ አለን። ሲስተር ተሰናብተው ወጥተዋል፣ ልጃቸው ቤት በር ላይ ትጠብቃቸዋለች፣ ከዛ ምንም የለም። ፖስታውን ገልብጠን ስናነብ ያቺ ቢጫ ወጣች፣ D05_A_C0003፣ 16:08:40። አንድ ደቂቃ አልፈጀም ለማግኘት። በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ድምፅዋ ከላይ ገባ፣ «እናቴ እቤት ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት እጇ ነው…»፣ ፊልሙም እዛ ላይ አለቀ።